ቤት ውስጥ ዴይኬር ለምትሠሩ፦ ከኪራይ፣ ከመብራትና ከኢንተርኔት የሥራውን ድርሻ እንዴት ከታክስ ታስቀንሳላችሁ?

በመጀመሪያው ዓመት ታክሳችንን የሠራልን ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳፈጠጠ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ የቤቱን ነገር በቀላሉ መንገድ ልሥራልዎት ወይስ በረጅሙ?» «በቀላሉ ሥራው» አልኩት። ማን ረጅሙን ይመርጣል?

ያቺ አንድ ቃል በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተቀናሽ አስቀረችብን። የገባኝ በዓመቱ ነው፣ ያኔ ደግሞ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስተካከል አይቻልም። ለምን እንደማይቻል ወደ መጨረሻው እመጣበታለሁ።

ባለቤቴ ሜሪላንድ ውስጥ በተከራየነው ቤት ፈቃድ አውጥታ ዴይኬር ትሠራለች። እኔ ወረቀቱን እይዛለሁ። በዚህ አካባቢ ያሉ ብዙ እህቶቻችን በዚሁ ሥራ ላይ ናቸው፣ አብዛኞቹም ኪራይ ከፋይ ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው፦ አሜሪካ ውስጥ፣ በተከራየ ቤት፣ በራስ ስም የሚሠራ ዴይኬር። ሌላ ሥራ ቤት ውስጥ የምትሠሩ ብዙውን ትጠቀሙበታላችሁ፣ ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ከእሱ ልጀምር።

መጀመሪያ፦ ይገባችኋል ወይ?

አይአርኤስ የቤት ወጪን ለሥራ ለማስቀነስ በመደበኛ ሕጉ ስለ ቦታው አጠቃቀም ሁለት ነገር ይፈልጋል። ቦታው ሁልጊዜ ለሥራ የሚውል መሆን አለበት፣ ደግሞም ለሥራ ብቻ የሚውል መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚወድቀው «ብቻ» በምትለዋ ላይ ነው። ቀን ሂሳብ የምትሠሩበት ጠረጴዛ ማታ የልጆች የቤት ሥራ መሥሪያ ከሆነ አለቀ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሰው ቤተሰቡ በሚበላበት ኩሽና የምትጋግር ከሆነ የኩሽናውን ኪራይ ማስቀነስ አትችልም። የጤፉን ዋጋ ታስቀንሳለች፣ ኩሽናውን ግን አይደለም። ምጣዱን ለብቻው በተለየ ክፍል ካስቀመጠች ሌላ ጉዳይ ነው።

ዴይኬር ከዚህ «ብቻ» ነፃ ነው። ቀን ልጆች የሚጫወቱበት ሳሎን ማታ የእናንተ ሳሎን ቢሆን ችግር የለም። በምትኩ ሕጉ አንድ ተጨማሪ ሂሳብ ይጠይቃል፦ ቦታው በዓመት ውስጥ ስንት ሰዓት ለሥራ ዋለ? ማስላቱ ያደክማል፣ ግን ዋናው ገንዘብ ያለው እዚያው ነው።

ነፃነቱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ከስቴታችሁ የዴይኬር ፈቃድ ያላችሁ፣ ወይም ያመለከታችሁ፣ ወይም በስቴቱ ሕግ ፈቃድ የማያስፈልጋችሁ መሆን አለባችሁ። ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ ወይም ፈቃዱ ከተነጠቀ ይህ መብት የለም። ያለፈቃድ የጎረቤት ልጆች የምትይዙ ከሆነ መጀመሪያ ስቴታችሁ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ አጣሩ።

ሌላው፣ ገቢያችሁ በግል የሚሠራ ሰው ገቢና ወጪውን በሚያሳይበት ቅጽ፣ በስኬጁል ሲ የሚገባ መሆን አለበት። ነጠላ ባለቤት ያለው ኤልኤልሲ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይገባል። ተቀጥራችሁ ደብሊው-2 የምትቀበሉ ከሆነና ከቤት ብትሠሩም፣ ይህ ተቀናሽ ከ2018 ጀምሮ በፌዴራል ታክስ ላይ ለእናንተ ተዘግቷል።

ሜትር ይዛችሁ ቤቱን ዙሩ

መጀመሪያ የቤቱ ጠቅላላ ስፋት ያስፈልጋል። የኪራይ ውላችሁ ወይም የቤቱ ማስታወቂያ ላይ ይኖራል። ከሌለ እናንተው ለኩ። እኛ ቤት 1,500 ስኩዌር ፊት ነው።

ቀጥሎ ዴይኬሩ በመደበኛነት የሚጠቀምበትን ክፍል ሁሉ ለኩ። «በመደበኛነት» ማለት ክፍሉ በየሥራ ቀኑ ለልጆቹ ወይም ለሥራው ክፍት ሆኖ አዘውትሮ ጥቅም ላይ ይውላል ማለት ነው። እያንዳንዱን ክፍል በቀን ስንት ደቂቃ እንደተጠቀማችሁ መመዝገብ አያስፈልግም። እኛ ቤት እንዲህ ወጣ፦ ቤዝመንቱ 520፣ ሳሎኑ 300፣ ኩሽናው 160፣ የታችኛው መታጠቢያ ቤት 70። ድምሩ 1,050 ነው።

ፎቅ ላይ ያሉት መኝታ ቤቶች 450 ናቸው። እነሱን አልቆጠርንም። ባለቤቴ «አንዳንዴ እኮ ሕፃኑን እኛ አልጋ ላይ አስተኛዋለሁ» ብላኝ ነበር። አንዳንዴ አይበቃም። በየቀኑ አንድ ልጅ የሚተኛበት መኝታ ቤት ቢሆን ኖሮ ይቆጠር ነበር።

1,050 ለ1,500 ሲካፈል 70 በመቶ ነው። ይህ የቦታ ድርሻችን ነው።

ስትለኩ በወረቀት ላይ የቤቱን ንድፍ ሣሉና ቁጥሮቹን ጻፉበት። በእጅ የተሣለ ሥዕል ይበቃል። ፎቶም አንሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከአይአርኤስ ደብዳቤ ቢመጣ ምናልባት ያንን ቤት ለቃችሁ ይሆናል።

ሰዓቱን መቁጠር

አብዛኛው ሰው ገንዘብ የሚጥለው እዚህ ነው። «በፈረንጅ ሰዓት ከ7 እስከ 5 ተኩል ክፍት ነን» ይልና አሥር ሰዓት ተኩል ብሎ ያልፋል። የሥራው ሰዓት ግን ልጆቹ ያሉበት ጊዜ ብቻ አይደለም። ከመምጣታቸው በፊት ቁርስ የምታዘጋጁበት፣ ከሄዱ በኋላ አሻንጉሊት የምታጥቡበትና ወለል የምትወለውሉበት፣ ቅዳሜ የክፍያ መዝገብ የምትሠሩበት ጊዜ ሁሉ ቤቱ ለሥራ የዋለበት ነው። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ አንድን ሰዓት ሁለቴ አትቁጠሩ፤ ልጆቹ ተኝተው ሳለ የተወለወለው ወለል አስቀድሞ ተቆጥሯል። ሁለተኛ፣ ውጭ ያለፈው ጊዜ፣ ለምሳሌ ገበያ የሄዳችሁበት፣ የቤት ሰዓት አይደለም።

የባለቤቴ ቀን ይህን ይመስላል። በፈረንጅ ሰዓት ጠዋት 6:15 ላይ ትጀምራለች። ልጆቹ ከ7:00 እስከ 5:30 ይቆያሉ። ማታ 6:15 ላይ ጽዳቱ ያልቃል። በቀን 12 ሰዓት ማለት ነው።

ቀኖቹን ደግሞ ከካሌንደር ላይ ቆጠርን። በ2025 ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀኖች 261 ናቸው። አሥራ አንዱን የፌዴራል በዓላት ዘግተናል። ለገናና ለእንቁጣጣሽ አንድ አንድ ቀን፣ ባለቤቴ በታመመች ጊዜ ደግሞ ሦስት ቀን። 245 ቀን ቀረ። ሁለት ልጅ ብቻ የመጣበት ቀንም ሙሉ ቀን ነው፤ የሚቆጠረው ሰዓቱ እንጂ የልጁ ብዛት አይደለም።

245 ቀን በ12 ሰዓት ሲባዛ 2,940 ነው። ቅዳሜ ጠዋት በአማካይ ሁለት ሰዓት ተኩል ትልቁን ጽዳትና ወረቀቱን እንሠራለን። ይህንን ያደረግንባቸው ቅዳሜዎች 48 ናቸው፣ ስለዚህ 120 ሰዓት ይጨመራል። ጠቅላላው 3,060 ሰዓት ሆነ።

ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። እንደ 2024 ባለ 366 ቀን ዓመት ከሆነ 8,784። 3,060ን ለ8,760 ስናካፍል 34.93 በመቶ ይመጣል። ይህ የጊዜ ድርሻችን ነው።

ዴይኬሩን በዓመቱ መሃል የጀመራችሁ ከሆነ በ8,760 አታካፍሉ። ከጀመራችሁበት ቀን እስከ ታኅሣሥ 31 ያለውን ቀን በ24 አባዙና በእሱ አካፍሉ። አለበለዚያ የራሳችሁን ድርሻ በከንቱ ታሳንሳላችሁ።

ማስረጃው ምንድን ነው? ዋናው ወላጆች ልጅ ሲያደርሱና ሲወስዱ የሚፈርሙበት ወረቀት ነው። እሱን አትጣሉ። ለጽዳቱና ለዝግጅቱ ደግሞ ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈ ካሌንደር አለን፤ ባለቤቴ የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን፣ ልጆቹ የቆዩበትንም ትጽፍበታለች። የመጀመሪያዎቹን ወራት ስመለከት «1፡00 – 11፡30» ተብሎ ተጽፏል። በእኛ አቆጣጠር ጽፋው ነው! የአይአርኤስ ሰው ቢያየው ልጆቹ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይመጣሉ ብሎ ያነበው ነበር። ልዩነቱ ያው አሥር ሰዓት ተኩል ነው፣ ነገር ግን ከወላጆቹ ፊርማ ጋር አይገጥምም። በፈረንጅ ሰዓት ጻፉ።

ሁለቱን ድርሻዎች አባዙ

```
1,050 ÷ 1,500 = 70%
3,060 ÷ 8,760 = 34.93%
70% × 34.93% = 24.45%
```

እንግዲህ ቤቱን ለመያዝ ከምታወጡት ከእያንዳንዱ መቶ ዶላር 24 ዶላር ከ45 ሳንቲሙ የሥራ ነው። ለኪራይም ለመብራትም የምንጠቀመው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ኪራይና መብራት

ኪራያችን በወር 2,400 ዶላር፣ በዓመት 28,800 ነው። የሚገባው በእርግጥ የከፈላችሁት ነው። ከቤቶች ድጋፍ ፕሮግራም በቫውቸር የሚከፈልላችሁ ካለ ያ የእናንተ ወጪ አይደለም፤ ከኪሳችሁ የወጣውን ብቻ ጻፉ። አብሯችሁ የሚኖር ዘመድ የኪራዩን ከፊል የሚከፍል ከሆነም እንደዚያው። ስትገቡ ያስያዛችሁት ዲፖዚት ኪራይ አይደለም፤ የሚመለስ ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአገራችን ሰው ቤት ተከራይተው ኪራዩን በካሽ የሚሰጡ አሉ። ያለደረሰኝ ካሽ ማለት ያለማስረጃ ወጪ ነው። በዜል ወይም በቼክ ክፈሉና ማስታወሻው ላይ የወሩን ስም ጻፉ። አከራዩ ቅር ቢለው ለእናንተ ያለደረሰኝ መክፈል የሚያስከፍላችሁን አስቡት።

መብራት ቀላል ነው። አሥራ ሁለቱን ቢል ሰብስቡ። የእኛ በዓመት 2,160 ዶላር ነበር። ጋዝና ውሃ ለብቻ የምትከፍሉ ከሆነ እነሱም በዚሁ መንገድ ይገባሉ። ኪራዩ ውስጥ ከተካተቱ ግን አስቀድመው ተቆጥረዋልና ደግማችሁ አትጻፉ። ሥራውን ሰኔ ላይ ከጀመራችሁ የጥር ቢል አይገባም፤ ከሥራው መጀመሪያ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው።

28,800 እና 2,160 ሲደመር 30,960 ይሆናል። በ24.45 በመቶ ሲባዛ 7,570 ዶላር ገደማ ነው።

አሁን ወደዚያ ልጅ ጥያቄ ልመለስ። ቀላሉ መንገድ የሚባለው ለአንድ ስኩዌር ፊት 5 ዶላር ይሰጣል፣ እስከ 300 ስኩዌር ፊት ድረስ። ማንም ሲሰማው 1,500 ዶላር ይመስለዋል። ለዴይኬር ግን 5 ዶላሩም በጊዜ ድርሻችሁ ይባዛል። 34.93 በመቶ ሲሆን 1 ዶላር ከ75 ሳንቲም ይቀራል። በ300 ሲባዛ 525 ዶላር። እስካሁን ባሰላነው በረጅሙ መንገድ 7,570፣ በቀላሉ 525።

ተቀናሹ የሚነካው የገቢ ታክሱን ብቻ አይደለም። በግል የሚሠራ ሰው የሚከፍለውን 15.3 በመቶ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስም ይቀንሳል። በ7,570 ዶላር ላይ ከዚህ ታክስ ብቻ 1,070 ዶላር ገደማ ይቀርላችኋል። በ525 ላይ ግን 74 ዶላር።

ኢንተርኔት ለብቻው ይታያል

ኢንተርኔት ከወለል ስፋት ጋር ብዙም አይገናኝም። ማን ለምን ተጠቀመበት ነው ጥያቄው። ስለዚህ እኔ በአጠቃቀም አካፍላለሁ፣ የማስገባውም በቀጥታ ስኬጁል ሲ ላይ መስመር 25፣ ዩቲሊቲስ የሚለው ውስጥ ነው።

እንዴት እንደወሰንኩ ልንገራችሁ። አንድ ተራ ሳምንት መርጬ ጻፍኩ። ባለቤቴ ለወላጆች ፎቶና መልእክት ትልካለች፣ የመገኘት መዝገብ ትሞላለች፣ የግዴታ ሥልጠናዋን በኢንተርኔት ትወስዳለች፣ ለልጆቹ ዘፈን ትከፍታለች። ማታ ደግሞ ልጆቻችን ቪዲዮ ያያሉ፣ እኔ ዜና አያለሁ። ሰዓቱን ስደምር የሥራው ከሠላሳ በመቶ ትንሽ በለጠ። 30 ወሰድኩ። ክፍያው በወር 70፣ በዓመት 840 ዶላር ነው። 30 በመቶው 252 ዶላር። ያቺን የአንድ ሳምንት ወረቀት ከቢሎቹ ጋር አስቀምጫለሁ።

«መቶ በመቶ አስገባው፣ ያለ ኢንተርኔት ዴይኬር የለም» ያለኝ ሰው አለ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያይ ልጅ እያለ ይህ አያስኬድም። ሂሳቡ ከሰለቻችሁ ኢንተርኔቱንም ከመብራት ጋር ደምራችሁ በ24.45 ማስላት ትችላላችሁ፤ 205 ዶላር ይሆናል። ሁለቱም ቦታ ማስገባት ግን አይቻልም። ቢሉ ውስጥ የኬብል ቴሌቪዥን ወይም የቤት ስልክ ተቀላቅሎ ከመጣ መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ለዩ። የመጀመሪያው የቤት ስልክ መስመር መሠረታዊ ክፍያ ለሥራ ብትጠቀሙበትም ተቀናሽ አይደለም።

ቅጹ ላይ የት ይገባል?

ቅጹ ፎርም 8829 ይባላል። ሶፍትዌር ብትጠቀሙም፣ ሰው ቢሠራላችሁም፣ ወጥቶ ስታዩት የሚከተለውን ፈልጉ። መስመር 1 ላይ 1,050፣ መስመር 2 ላይ 1,500። መስመር 4 ላይ ሰዓታችሁ፣ 3,060። መስመር 5 ላይ 8,760። መስመር 7 ላይ የመጨረሻው ድርሻ፣ 24.45 በመቶ።

ቀጥሎ ወጪዎቹ ይመጣሉ። ሁለት ዓምድ አለ። አንዱ ቀጥተኛ ወጪ ይላል፤ ለዴይኬሩ ብቻ የወጣ፣ ለምሳሌ ለልጆቹ ብቻ የሆነ ክፍል ቀለም። ሌላው ቀጥተኛ ያልሆነ ይላል፤ ለቤቱ በሙሉ የወጣ። ኪራይ በመስመር 19፣ መብራት በመስመር 21፣ ሁለቱም በሁለተኛው ዓምድ ይገባሉ። የምትጽፉት ሙሉውን 28,800 እና 2,160 ነው። ቅጹ ራሱ በድርሻው ያባዛዋል። ቀድማችሁ አባዝታችሁ ካስገባችሁት ሁለቴ ይቀነስባችኋል። የአንዲት ወዳጃችንን ቅጽ ሳይ ይኸው ስህተት ገጠመኝ፤ የሥራ ድርሻዋ የሩቡ ሩብ ሆኖ ተጽፏል።

ውጤቱ ከመስመር 36 ተነስቶ ወደ ስኬጁል ሲ መስመር 30 ይሄዳል። መፈተሻው ይህች መስመር ናት። ያለፈውን ዓመት ታክሳችሁን አሁኑኑ አውጡና መስመር 30ን እዩ። ባዶ ከሆነ የቤታችሁን ድርሻ ጨርሶ አልወሰዳችሁም ማለት ነው፣ ወይም በተሳሳተ ቦታ ገብቷል። የተሳሳተው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መስመር 20b ነው። እዚያ የሚገባው ለሥራ ቦታ፣ ለምሳሌ ለሱቅ ወይም ለቢሮ፣ የተከፈለ ኪራይ ነው። የቤት ኪራይ እዚያ ሲገባ ከድርሻው ሂሳብ ያመልጣል፣ ስለዚህም ለጥያቄ ይጋብዛል።

ቤዝመንቱ ለልጆቹ ብቻ ከሆነ

ብዙዎች የማያውቁት ይህ ነው። ዴይኬር ከ«ብቻ» ሕግ ነፃ ነው ማለት «ብቻ» የሆነ ክፍል ካላችሁ አትጠቀሙበት ማለት አይደለም። አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ለዴይኬሩ ከተተወ በጊዜ ድርሻ አይባዛም። በሙሉ ስፋቱ ይገባል።

የእኛን ቤት እንውሰድ። ቤዝመንቱ 520 ነው። ለልጆቹ ብቻ ቢሆን 520 ለ1,500 ሲካፈል 34.67 በመቶ፣ ሳይባዛ። የቀሩት ሳሎን፣ ኩሽናና መታጠቢያ 530 ናቸው፤ 35.33 በመቶ። እነሱ ግን በጊዜው ይባዛሉና 12.34 በመቶ ይሆናሉ። ሲደመር 47.01 በመቶ። ከ24.45 ወደ 47 ደረሰ። በ30,960 ላይ ተቀናሹ 14,554 ዶላር ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ዋጋው ደግሞ ይህ ነው። ቅዳሜ ልጆቻችሁ እዚያ ወርደው ቴሌቪዥን ማየት የለባቸውም። እንግዳ ሲመጣ ፍራሽ አይዘረጋም። የክረምት ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ ጥግ ላይ አይቀመጥም። የኛ ቤት ይህንን አላለፈም። ለልደት፣ ለክርስትና ሰው ሲሰበሰብ ወዴት ይገባል? ቤዝመንት ነዋ። ስለዚህ በሐቅ 24.45 ላይ ቀረን። እናንተ ግን ከቻላችሁ ከጥር 1 ጀምሩ፣ ፎቶ አንሱ፣ በሩንም ዝጉት። ሁለቱን ዓይነት ክፍል የሚያጣምረው ሂሳብ መስመር 7 ላይ ይገባና ስሌቱ በተለየ ወረቀት ከቅጹ ጋር ይያያዛል።

ትርፉ ካነሰ

ይህ ተቀናሽ ኪሳራ መፍጠር አይችልም። ከሌሎቹ ወጪዎች በኋላ ስኬጁል ሲ መስመር 29 ላይ የቀረው 5,000 ዶላር ብቻ ቢሆን፣ ከ7,570 ውስጥ ዘንድሮ የሚሠራው 5,000 ነው። የቀረው 2,570 አይጠፋም። መስመር 43 ላይ ይጻፍና በሚቀጥለው ዓመት መስመር 25 ላይ ይገባል። ይህን ቁጥር ሰው የሚረሳው ታክስ ሠሪ ሲቀይር ነው። አዲሱ ሰው የአምናውን ፎርም 8829 ካላየ አያውቀውም። ይዛችሁለት ሂዱ። ቀላሉን መንገድ ለመረጠ ግን የሚተላለፍ ነገር የለም፤ የተረፈው ተረፈ።

ያለፈውን ዓመት ማስተካከል

የምመለስበት ብዬ የነበረው ይህ ነው። ባለፈው ዓመት የቤቱን ተቀናሽ ጨርሶ ያልወሰዳችሁ ከሆነ ፎርም 1040-X ሞልታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጊዜው በአብዛኛው ታክሱ ከገባ ሦስት ዓመት ነው። የ2023ን ታክስ በጊዜው ያስገባ ሰው እስከ ሚያዝያ 15 ቀን 2027 በፈረንጅ አቆጣጠር ድረስ አለው። የስቴቱንም አብራችሁ አስተካክሉ።

ቀላሉን መንገድ የመረጣችሁበት ዓመት ግን ለዚያ ዓመት ተቆልፏል። ምርጫው አንዴ ከገባ አይሻርም፣ በ1040-Xም ወደ ረጅሙ መቀየር አይቻልም። በሚቀጥለው ዓመት በነፃነት ትቀይራላችሁ፣ ያለፈው ግን አለፈ። እኛም በሁለተኛው ዓመት ወደዚያው ልጅ ተመልሰን ሄድን። የቤቱን ንድፍ፣ የፍሪጁን ካሌንደርና አሥራ ሁለት የመብራት ቢል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት። «ጋሼ፣ ዘንድሮ በረጅሙ ነው?» አለኝ። በረጅሙ።